ጀልባ ለምን ይንሳፈፋል? ጭነቱ የት ሲቀመጥ ይገለብጠዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣና ላይ ሰውና እህል አብረው በሚጫኑበት ጀልባ የተሳፈረ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ሳይጠይቅ አይቀርም፦ «ይህን ሁሉ ተሸክማ እንዴት አልሰመጠችም?» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱ ጥያቄዎች ቀላሉ ነው። ከባዱ «ሳትሰምጥ ለምን ትገለበጣለች?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች አብዛኛውን ቦታ የሰጠሁት ለሁለተኛው ነው።

ምስማር ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ የብረት ጀልባ ግን ለምን አይሰምጥም?

ውሃ ብረት ይሁን እንጨት አይለይም። የሚያውቀው ከቦታው ምን ያህል እንደተገፋ ብቻ ነው። አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ገብቶ የያዘውን ቦታ ያህል ውሃ ወደ ጎን ይገፋል፤ ውሃውም በተገፋው ውሃ ክብደት ልክ ያንን ነገር ወደ ላይ መልሶ ይገፋዋል። ይህን ከ2,200 ዓመት በፊት የሲራኩሱ አርኪሜደስ ጽፎታል፤ እስከ ዛሬም የተለወጠ ነገር የለም።

ምስማር ከሚገፋው ውሃ በስምንት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ይወርዳል። ያው ብረት ተደብድቦ ስስ ሳጥን ሲሆን ግን ሆዱ ውስጥ አየር ይይዛል፤ በውሃ ውስጥ የሚይዘው ቦታም ከብረቱ መጠን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ ገጽ ሂሳብ እንዲመቸን አንዲት ጀልባ እንሥራ። ወለሏ ጠፍጣፋ፣ ርዝመቷ 8 ሜትር፣ ወርዷ 2 ሜትር፣ የጎኗ ቁመት 90 ሳንቲሜትር፣ ባዶ ክብደቷ 1,600 ኪሎ ነው። ብረቷ ቀልጦ አንድ ጥቅልል ቢሆን 0.2 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሚሆን ወዲያው ይሰምጥ ነበር። በጀልባ ቅርጽ ግን 1,600 ኪሎ ውሃ ለመግፋት 10 ሳንቲሜትር ብቻ መጥለቅ ይበቃታል። ወለሏ 16 ካሬ ሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ሳንቲሜትር ሲጠልቅ 160 ኪሎ ውሃ ይገፋል። አሥር ጊዜ 160፣ 1,600። አለቀ።

የደንገል ታንኳስ? እሷ እኮ ውሃ ታስገባለች።

ታንኳ የምትንሳፈፈው በሌላ ስሌት ነው። የብረት ጀልባ የምትንሳፈፈው ሆዷ ውሃ ስላልገባበት ሲሆን ታንኳ ደግሞ የተሠራችበት ደንገል ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ነው። ማዕበል ቢያጥባት ውሃው በእሥሮቹ መካከል ተንጠባጥቦ ይወጣል እንጂ እንደ ሳጥን ሞልታ አትወርድም። ከዚህ አንጻር ከብረት ጀልባ የበለጠ ይቅር ባይ ናት።

ጉዳቷ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ትናንት ሁለት ሰው ከነማገዶው የቻለችው ታንኳ ከወራት በኋላ ያንኑ ጭነት ስትይዝ ጎኗ ከውሃው ጋር እኩል ይሆናል። ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥታ የምትደርቀው ለዚህ ነው። ሌላው ነገር፣ ቀዛፊው የሚቀመጠው በእሥሩ ውስጥ ሳይሆን በእሥሩ ላይ ስለሆነ ክብደቱ ከውሃው በላይ ይውላል። ልምድ የሌለው ሰው ታንኳ ላይ ቆሞ የማይሳካለትም ለዚሁ ነው፤ የዚህን ምክንያት ከታች እናገኘዋለን።

ጀልባዋ ስንት ኪሎ ትችላለች?

የመንሳፈፍ ሂሳቡ ብቻ ከሆነ ብዙ። ጎኗ 90 ሳንቲሜትር ስለሆነ እስከ ጫፏ ብትጠልቅ 90 ጊዜ 160፣ ማለትም 14,400 ኪሎ ውሃ ትገፋለች። በዚያ ነጥብ ላይ አንድ ዶሮ ቢጨመር ውሃው ጎኗን ተሻግሮ ይገባል።

አሁን በቁም ነገር እንጫናት። 20 ኩንታል ጤፍ፣ 2,000 ኪሎ። 20 ተሳፋሪ፣ በአማካይ 70 ኪሎ ብንል 1,400 ኪሎ። ከራሷ ክብደት ጋር 5,000 ኪሎ ይሆናል። 5,000 ለ160 ሲካፈል 31 ሳንቲሜትር ከሩብ። ስለዚህ ከውሃው በላይ 59 ሳንቲሜትር ገደማ ጎን ይቀራታል፤ ከአንድ ክንድ ጥቂት ይበልጣል። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው «ገና ብዙ ይቀራታል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ከምትችለው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው የያዘችው።

ይህቺው ጀልባ፣ በዚሁ 5,000 ኪሎ፣ ሳትነቃነቅ በቆመ ውሃ ላይ ልትገለበጥ ትችላለች። አንድም ኪሎ ሳይጨመር።

ገና ሳትሞላ ለምን ትገለበጣለች?

ምክንያቱም መንሳፈፍና ቀጥ ብሎ መቆም ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው። የመጀመሪያው ስንት እንደጫንን ይጠይቃል፣ ሁለተኛው የት እንደጫንን።

ጀልባዋ ላይ ሁለት ኃይሎች ይሠራሉ። አንዱ ክብደቷ ነው፤ ጀልባው፣ እህሉና ሰው ሁሉ ተደምሮ በአንድ ነጥብ ላይ ወደ ታች እንደሚስብ አድርገን ማሰብ እንችላለን። ይህ የስበት ማዕከል ነው። ሌላው ውሃው ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት ነው፤ እሱም በውሃ ውስጥ ባለው የጀልባው ክፍል መካከል ላይ ይሠራል። ጀልባዋ ቀጥ ስትል ሁለቱ አንዱ በሌላው አናት ላይ ናቸው፤ ተመጣጥነው ዝም ይላሉ።

ጀልባዋ ወደ ቀኝ ዘመም ስትል የስበት ማዕከሉ ካለበት አይነቃነቅም፣ ጭነቱ እስካልተንሸራተተ ድረስ። የውሃው ግፊት ግን ይሄዳል፤ በቀኝ በኩል ብዙ ጎን ስለጠለቀ፣ በግራ በኩል ስለወጣ፣ የግፊቱ መካከል ወደ ቀኝ ይሸሻል። ከዚያ አዲስ ቦታ ተነስቶ ወደ ላይ የሚገፋው መስመር የጀልባዋን መካከለኛ መስመር አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ያን ቦታ የመርከብ መሐንዲሶች ሜታሴንተር ይሉታል። ስሙን መርሳት ይቻላል፤ ቦታውን ግን አይርሱት።

የስበት ማዕከሉ ከዚያ ነጥብ በታች ከሆነ ጀልባዋ ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ፋኖስ ናት። ገፋ ቢያደርጓት ተወዛውዛ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ከዚያ ነጥብ በላይ ከሆነ ግን በእጅ ሳይያዝ በራስ ላይ እንደተቀመጠ እንስራ ናት። ትንሽ ዘመም ሲል መውደቁን ራሱ ክብደቱ ያፋጥነዋል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት የመረጋጋቷ መለኪያ ነው። ከዚህ በኋላ «ትርፍ» እለዋለሁ።

ጭነቱ ወለል ላይ ወይም ጣሪያ ላይ መሆኑ ያን ያህል ለውጥ አለው?

በቁጥር እንየው፤ የዚህ ገጽ ልቡ እዚህ ነው።

ለሳጥን ቅርጽ የዚያ ነጥብ ከፍታ ቀላል ስሌት አለው። የወርዷን ርዝመት በራሱ አባዝተን ለ12 እጥፍ የጠለቀችበት እናካፍላለን፤ በዚያ ላይ የጠለቀችበትን ግማሽ እንደምራለን። ለጀልባችን፦ 4 ለ3.75 ሲካፈል 1.07 ሜትር፣ ሲደመር 0.16፣ በጠቅላላው ከወለሏ ሥር 1.22 ሜትር። ይህ ቁጥር የሚወሰነው በቅርጿና በጠለቀችበት ልክ ስለሆነ እህሉን ወለል ላይም ጣሪያ ላይም ብናደርገው አይለወጥም።

የሚለወጠው የስበት ማዕከሉ ነው። የባዶ ጀልባዋ ክብደት ከሥሯ 45 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን። በወንበር የተቀመጡት ሰዎች ክብደት 70 ሳንቲሜትር ላይ። ጆንያዎቹ ወለል ላይ በአንድ ረድፍ ከተጋደሙ ክብደታቸው 25 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል። የእያንዳንዱን ክብደት በከፍታው አባዝተን፣ ደምረን፣ ለ5,000 ስናካፍል 0.44 ሜትር ይወጣል። ትርፉ 1.22 ሲቀነስ 0.44፣ 78 ሳንቲሜትር ነው። ይህቺ ጀልባ ፋኖስ ናት፤ ያውም አጥብቃ የተንጠለጠለች።

አሁን ዝናብ መጣ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ «ጤፉ እንዳይበላሽ» ተባለና 20ውም ጆንያ ሰው ከሚጠለልበት ጣሪያ ላይ ወጣ፤ በላዩም ሸራ ለበሰ። የጆንያዎቹ ክብደት ከሥሯ 2.2 ሜትር ላይ ሆነ። ሂሳቡን መልሰን ስንሠራ የስበት ማዕከሉ 1.22 ሜትር ይሆናል። ትርፉ ዜሮ። ያው ጤፍ፣ ያው ሰው፣ ያው 31 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ከውሃው በላይም ያው 59 ሳንቲሜትር ጎን። ዳር የቆመው ሰው ከጣሪያው ጭነት በቀር ምንም የተለየ ነገር አያይም፤ የጎኗን ከፍታ ብቻ የሚለካማ ምንም አያገኝባት።

ግማሹ ወለል ላይ፣ ግማሹ ጣሪያ ላይ ቢሆን ትርፉ 39 ሳንቲሜትር ነው። ሁኔታው በየጆንያው እየባሰ የሚሄድ እንጂ በድንገት የሚመጣ አይደለም ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ወደ ጣሪያ የወጣ ኩንታል አራት ሳንቲሜትር ገደማ ይበላል።

ሰዎቹ ከመቀመጫቸው ቢነሱስ?

ወደብ ሲቃረብ ሁሉም ሰው ይነሳል። ዕቃ ይነሳል፣ ልጅ ይታቀፋል፣ መውጫው ይፈለጋል። የቆመ ሰው ክብደቱ ከተቀመጠ ሰው 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። 20 ሰው ሲነሳ የጀልባችን የስበት ማዕከል 11 ሳንቲሜትር ይወጣል። ጤፉ ወለል ላይ ከነበረ ትርፉ ከ78 ወደ 67 ይወርዳል፤ ማንም አያስተውለውም። ጤፉ ጣሪያ ላይ ከነበረ ግን ዜሮ የነበረው ትርፍ ከዜሮ በታች 11 ይሆናል፤ እንስራው ከራስ ላይ መንሸራተት ጀመረ ማለት ነው።

የሳጥን ቅርጽ ያላት ጀልባ ስታዘነብል ጎኗ እየጠለቀ ተጨማሪ ድጋፍ ይሰጣታል፤ እዚህ ግን ድጋፉ አይበቃም። 17 ዲግሪ ገደማ ስትዘም በከፍተኛው ጎን ያለው የወለሏ ጠርዝ ከውሃው ይወጣና ድጋፉ ይደክማል። 24 ዲግሪ ላይ ስትደርስ ዝቅ ያለው ጎኗ ከውሃው በላይ የሚቀረው 14 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የጀልባ ወለል በዚህ ልክ ሲያዘነብል ደግሞ ሰው ባለበት መቆም አይችልም። ወደ ዝቅተኛው ጎን ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ ያለው የሴኮንዶች ነገር ነው።

ሁሉም ወደ አንድ ጎን ቢሄድስ?

20ው ሰው በአማካይ ግማሽ ሜትር ወደ አንድ ጎን ሄደ እንበል። ጉማሬ ታየ ተብሎ ሊሆን ይችላል፣ ፀሐይ ሽሽትም ሊሆን ይችላል። ጤፉ ወለል ላይ ከሆነ ጀልባዋ 10 ዲግሪ ገደማ ታዘነብላለች፤ ጎኗ 17 ሳንቲሜትር ከግማሽ ያህል ይወርዳል። ሰው ይደነግጣል፣ ይጮሃል፣ ይስቃል፤ ውሃ ግን አይገባም። ጤፉ ጣሪያ ላይ ከሆነ ሁሉም እንደተቀመጡ ቢሸጋሸጉ እንኳ ጎኗ ቢያንስ 64 ሳንቲሜትር መውረድ ይፈልጋል። ያላት 59 ነው።

ለዚህ ነው «ሰዎቹ ወደ አንድ ወገን ስለሄዱ ተገለበጠ» የሚለው ዜና ግማሽ መልስ የሚሆንብኝ። ሰው ሁሌም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ጥያቄው ሲሄድ ጀልባዋ ምን ትርፍ ነበራት የሚለው ነው።

ጀልባዋ ዘመም ብላ ቀርታለች። ጭነቱን ወደ ሌላው ጎን ላሸጋግር?

መጀመሪያ ለምን እንደዘመመች ይለዩ፤ ሁለት ዓይነት መዝመም አለና መድኃኒታቸው ተቃራኒ ነው።

አንደኛው ጭነቱ ከመካከል ስለወጣ ነው። ይህ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ያዘነብላል፤ ማዕበል ቢወዘውዘው ወደዚያው ጎን ይመለሳል። ጭነቱን ወደ መሐል ማምጣት በቂ ነው።

ሁለተኛው ጭነቱ መሐል ላይ ሆኖ ከፍ ስላለ ነው። ይህ አንዳንዴ በቀኝ፣ አንዳንዴ በግራ ይተኛል፤ ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነው የማይሆንለት። ትንሽ ማዕበል ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይጥለዋል። እዚህ ላይ ሰውን «ወደ ከፍተኛው ጎን ሂዱ!» ብሎ ማዘዝ ከስህተት ሁሉ የከፋው ነው። ጀልባዋ መካከሉን አልፋ በግስጋሴ ወደ ሌላው ጎን ትወድቃለች፤ የሰዎቹ ክብደትም እዚያው ይጠብቃታል። ማድረግ የሚገባው ክብደት ማውረድ ነው፦ ሰዎች ባሉበት ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ይቀመጡ፣ ማንም አይሻገር፣ ሞተሩ ይቀንስ፣ በድንገት መታጠፍ ይቅር።

ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ ገብቷል። ከባድ አይደለም፤ ምን ያደርጋል?

ክብደቱ አይደለም የሚጎዳው፤ መሮጡ ነው። ጤፍ በጆንያ ሲሆን ጀልባዋ ስትዘም ባለበት ይቆያል። ውሃ ግን ወደ ዝቅተኛው ጎን ቀድሞ ይደርሳል፤ ልክ ማጋደሉን እንደሚያግዝ ሰው። ትሪ ላይ ውሃ አድርጎ ለመሸከም የሞከረ ያውቀዋል።

በጀልባችን ባዶ ወለል ላይ 5 ሳንቲሜትር ውሃ ቢንጣለል 800 ኪሎ ነው። ጤፉ ወለል ላይ በደንብ ተደርድሮ እንኳ፣ ውሃው ከጎን እስከ ጎን እንደልቡ መሄድ ከቻለ፣ ያንን ሁሉ 78 ሳንቲሜትር ትርፍ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዲግሪዎች በልቶ ይጨርሰዋል። ውሃው አንድ ጥግ ላይ ሲጠራቀም መጉዳቱ ስለሚቀንስ ጀልባዋ ጥቂት ዘምማ ልትቆም ትችላለች፤ ነገር ግን ማዕበል ከመጣ ያላት መጠባበቂያ ጥቂት ነው። ወለሉ በርዝመቱ ከመሐል በአንድ ግድግዳ ቢከፈል ይህ ጉዳት ወደ ሩብ ይወርዳል። በነዳጅ ጫኝ መርከቦች ታንኮች ውስጥ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱ ግድግዳዎች የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በመጋቢት 1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የተባለ መኪና ጫኝ መርከብ ከቤልጂጉ ዜብሩገ ወደብ የፊት በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ባሕሩ ወደ መኪና ማቆሚያው ወለል ገባ፤ ያ ወለል ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ክፍት ነው። መርከቡ በደቂቃዎች እንኳ ሳይሆን በሴኮንዶች ጎኑን ጥሎ ተኛ፤ 193 ሰዎች ሞቱ። የመንሳፈፍ ሂሳቡ ያንን ውሃ ይችለው ነበር።

ስለዚህ ጀልባ ውስጥ ባልዲና ጣሳ የሚቀመጡት እግር እንዳይረጥብ አይደለም።

ወርዷን ብናሰፋት አይሻልም?

በጣም ይሻላል። ወርድ በራሱ የሚባዛ ስለሆነ ትንሽ ጭማሪ ብዙ ይሰጣል። ጀልባችን 2 ሜትር መሆኗ ቀርቶ 2.4 ሜትር ብትሆንና ክብደቷ ባይለወጥ ያ ነጥብ ከ1.22 ወደ 1.97 ሜትር ይወጣል። ጤፉ ጣሪያ ላይ ሆኖ እንኳ 75 ሳንቲሜትር ትርፍ ይኖራታል።

ሆኖም ሰፊ ጀልባ ያሳስታል። መጀመሪያ ላይ አጥብቃ ትቆማለች፣ ጎኗ ውሃ ሲነካ ግን ድጋፏ ባንድ ጊዜ ይከዳታል። ሌላው የሰፊ ጀልባ ጠባይ ንቅናቄዋ ፈጣንና ነጣቂ መሆኑ ነው፤ የቆመን ሰው ትጥላለች።

ከፊትና ከኋላ መመጣጠኑስ?

ለመገልበጥ አያሳስብም። በርዝመቷ በኩል ያው ስሌት ከ17 ሜትር በላይ ይሰጣል፤ በአፍንጫዋ የምትገለበጥ ጀልባ ብርቅ ናት። ግን ሰውም ሞተርም ነዳጅም ኋላ ከተከማቸ የኋላ ጎኗ ዝቅ ይልና ማዕበሉ በሞተሩ በኩል ይገባል። ከዚያ ወደ ላይኛው ጥያቄ እንመለሳለን፦ ወለል ላይ ውሃ።

የጨው ውሃ ላይ የበለጠ ትችላለች?

በጥቂቱ። የባሕር ውሃ ከጣና ውሃ 2.5 በመቶ ያህል ይከብዳል፤ ጀልባችን ቀይ ባሕር ላይ ብትሆን አንድ ሳንቲሜትር እንኳ የማይሞላ ከፍ ትላለች። ሙት ባሕር ላይ ከሆነ ልዩነቱ ይታያል፤ 31 የነበረው ወደ 25 ሳንቲሜትር ይቀንሳል። በየትኛውም ጨው ግን ጣሪያ ላይ የተጫነ ጤፍ አይወርድም።

ይህ ለትናንሽ ጀልባዎች ብቻ ነው? ትልልቆቹ መርከቦች በመሐንዲስ ይሠራሉ።

«ቫሳ» የስዊድን ንጉሥ የጦር መርከብ ነበረች። 64 መድፍ፣ ሁለት የመድፍ ፎቅ፣ በላዩ የተቀረጸ ጌጥ። በ1628 ከመጓዟ በፊት 30 መርከበኞች ከጎን ወደ ጎን እንዲሮጡ ተደርጎ ተፈተነች። ሦስተኛውን ጊዜ ሲሮጡ እንዳትገለበጥ ተፈርቶ ቆመ። መፈተኑን ፈተኑ፣ ውጤቱን ግን አልሰሙም። ነሐሴ ወር ላይ ከስቶክሆልም ተነስታ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም ሳትርቅ ቀላል ነፋስ አጋደላት፤ ውሃ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ገባ። በሥሯ ድንጋይ ተጭኖ ነበር፤ ተጨማሪ እንዳይጫን ግን ስትጠልቅ የታችኞቹ መስኮቶች ወደ ውሃው ይቀርቡ ነበር። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ቆማ ትታያለች።

ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብና መራራ ነው። የደቡብ ኮሪያዋ «ሴዎል» በሚያዝያ 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስትሰምጥ 304 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። መርከቧ ከተገዛች በኋላ በላይኛው ፎቅ ተጨማሪ ክፍሎች ተሠርተውባት የስበት ማዕከሏ ከፍ ብሎ ነበር። በዚህ ምክንያት እንድትጭን የተፈቀደላት 987 ቶን ነበር፤ በዚያ ቀን የጫነችው ከ2,000 ቶን በላይ ነው። ይህ ሁሉ ጭነት ካለ ጎኗ ላይ የተሳለው የጭነት ምልክት ውሃ ውስጥ መግባት ነበረበት። ያልገባው ከሥሯ መረጋጋትን የሚሰጣት ውሃ ስለተቀነሰ ነው። ከታች ክብደት ወጣ፣ ከላይ ክብደት ገባ፣ ምልክቱ ግን ትክክል ነበር። መሪዋ ሲታጠፍ አጋደለች፤ በደንብ ያልታሰረው ጭነት ተንሸራተተ፤ አልተመለሰችም።

ከመነሳታችን በፊት ጀልባዋ በቂ ትርፍ እንዳላት በዓይን ማወቅ ይቻላል?

በዓይን አይቻልም፤ ሰዓት በመያዝ ግን ይቻላል። ሙሉ ጭነቷን ይዛ፣ ገመዱ ላልቶ፣ ከዳር ጥቂት ራቅ ብላ ሳለ አንድ ሰው ጎኗን ጫን ለቀቅ እያደረገ ያወዛውዛት። ከዚያ ይተዋትና ከአንድ ጎን ተነስታ ሌላውን አዳርሳ እስክትመለስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅባት ይቆጠር። አንዱን ብቻ ከመቁጠር አምስት ጊዜ ቆጥሮ ማካፈል ይሻላል።

ፋኖሱ አጥብቆ ከተንጠለጠለ ቶሎ ይመለሳል። ግምታዊው ስሌት፣ ወርዷን በ0.8 አባዝቶ ለትርፉ ካሬ ሥር ማካፈል ነው። ጤፏን ወለል ላይ ያደረገችው ጀልባችን ከሁለት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ትመለሳለች። ግማሹን ጣሪያ ላይ ያወጣችው 2.6 ሴኮንድ ያህል ይፈጅባታል። ትርፏ 10 ሳንቲሜትር ብቻ የቀረላት 5 ሴኮንድ ትቆያለች። ከጥቂት ሴንቲሜትር በታች ሲሆን አንድ ጎን ላይ ሄዳ የምታስብ ትመስላለች፤ ትመለስ አትመለስ ያልወሰነች።

ብዙ ተሳፋሪ ይህን ዝግታ ይወደዋል። «ዛሬስ ደህና ናት፣ አታንገላታም» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ጣሪያው ላይ ፍራሽና የለስላሳ ሳጥን ተቆልሎ ነበር። እኔ የምፈራው ያችኑ ነው። ነጥቃ የምትመልስ ጀልባ ሆድ ታውካለች እንጂ አትገለብጥም።

የእኛ ጀልባ ሳጥን እንደሆነች አይርሱ። እውነተኛ ጀልባ አፍንጫዋ ይሾላል፣ ጎኗም ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ውሃው ላይ ያላት ስፋት ስለሚያንስ ትርፏ እኛ ካሰላነው ይቀንሳል። ስለዚህ ባለጀልባው ጀልባዋን ባዶዋን፣ ከዚያም ጭነቷ ሁሉ ወለል ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ቆጥሮ ሁለቱን ቁጥሮች ከመሪው አጠገብ በቀለም ቢጽፋቸው ጥሩ ነው። አንድ ቀን ጭነቱ ተመሳሳይ ሆኖ ቆጠራው በእጥፍ ከዘገየ፣ ወይ ከላይ የወጣ ነገር አለ፣ ወይ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ውሃ ገብቷል።